ቀብዱ የማን ገንዘብ ነው?

«የቤት ዕቃ እሠራለሁ፤ ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። የትዕዛዙን ግማሽ ቀብድ እቀበላለሁ፤ ቀሪውን ደንበኛው እንደተመቸው በሁለት በሦስት ጊዜ ይከፍለኛል። አንዲት ደንበኛ ቁም ሳጥንና አልጋ በ48,000 አዘዘችኝ። 24,000 ቀብድ ሰጠች፣ ቀጥላ 10,000 በባንክ አስገባች፣ በኋላ ደግሞ 8,000 ለሠራተኛዬ በእጅ ሰጠች። በመሃል መስታወት ያለው በርና ሁለት መሳቢያ አስጨመረች፤ 5,000 እንደሚጨምር በስልክ ነግሬያታለሁ። አሁን ዕቃው አልቆ እሷ ‹የቀረኝ 6,000 ነው› ትላለች፣ እኔ ጋ ደግሞ 11,000 ነው። ያልነገረኝ ክፍያ ይኖር ይሆን ብዬ ሠራተኛዬን መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ሌላው ግራ የገባኝ፣ ሥራ ሞልቶኝ ሳለ የእንጨት መግዣ አጣለሁ። የዚህች ደንበኛ ዕቃ ብቻ ከጭማሪው በፊት የ31,000 እንጨት፣ ማጠፊያና ቀለም ወስዷል። ቀብዱንና ቀሪውን እንዴት ብይዝ ይሻላል?»
ባለ ወርክሾፑ

ወንድሜ፣ ሠራተኛዎን ለጊዜው ይተዉት። የሁለት ሰው ሂሳብ ሲለያይ መጀመሪያ ልዩነቱን ነው መመርመር፤ ሰው የሚጠረጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ከ11,000 ላይ 6,000 ሲቀነስ 5,000 ይመጣል። ይህ ደግሞ በስልክ የነገሯት የጭማሪ ዋጋ ነው፣ ልክ በልኩ። እሷ ከ48,000 ተነስታ፣ እርስዎ ከ53,000 ተነስታችሁ፣ ሁለታችሁም የተከፈለውን 42,000 ቀንሳችኋል። በክፍያው የተለያያችሁ አይመስለኝም፤ የተለያያችሁት በዋጋው ነው።

ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ «ስንት ቀረሽ?» ብለው አይጠይቋት፤ «ስንት ጊዜ ከፈልሽ? በየጊዜው ስንት ስንት?» ይበሏት። ሦስት ጊዜ ካለችና ቁጥሮቹ ከእርስዎ ጋር ከተገናኙ ሠራተኛው ነፃ ነው። አራተኛ ክፍያ ካነሳች ያኔ ቀኑን፣ የተቀበለውን ሰውና የከፈለችበትን መንገድ ይጠይቃሉ።

ወደፊት ልዩነቱ ከየትኛውም ጭማሪ ጋር የማይገጥምበት ቀን ይመጣል። የሂሳብ ሰዎች ያኔ የሚሞክሯቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ ያንን ቁጥር በደብተሩ ውስጥ መፈለግ ነው። 2,500 ተከፍሎ መቀነስ ሲገባው በስህተት ተደምሮ ከሆነ ሂሳቡ በ5,000 ይዛባል፤ ስለዚህ የልዩነቱ ግማሽ ጥፋተኛውን መስመር ይጠቁማል። ሁለተኛው ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ነው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፦ 5,400 የነበረው 4,500 ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ 900 ነው፣ 900 ደግሞ ለ9 ይካፈላል። የእርስዎ 5,000 ለ9 አይካፈልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ የአኃዝ መገለባበጥ የለም።

አሁን ከደንበኛዋ ጋር ምን ይደረግ? ጭማሪውን ራሷ እንዳዘዘች አትክድም ብዬ እገምታለሁ፤ መሳቢያዎቹ እዚያው ቆመው ይታያሉ። የማይታየው ዋጋው ነው። በስልክ የተባለ ዋጋ ደግሞ አንዱ ጋ «ነገርኳት»፣ ሌላው ጋ «ወደ 2,000 ገደማ መሰለኝ» ሆኖ ይቀራል። እኔ ብሆን የጭማሪውን የዕቃ ወጪ፣ ማለትም የመስታወቱን፣ የጣውላውንና የመሳቢያውን ሐዲድ የግዢ ደረሰኝ አቀርብላት ነበር። ወጪው 3,000 ነው እንበል፤ የሥራውን 2,000 ትቼላት 9,000 ተቀብዬ ዕቃውን እሸኘዋለሁ። ዋጋውን በጽሑፍ ያላስያዘው ባለሙያው ስለሆነ ጉልበቱን እሱ ቢሸከም ፍትሐዊ ይመስለኛል። በመስታወቷ ግን ሌላ ሰው ሊከስር አይገባም። ለ2,000 ሲባል ያለቀ ዕቃ ወርክሾፕ ውስጥ ማስቀመጥ ቦታ ይይዛል፣ ይቧጨራል፤ የሚገባውንም 9,000 ያዘገያል።

እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ እንዳይደገም ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ አንድ ወረቀት ያስፈልገዋል። የሁሉንም ደንበኛ ክፍያ በቀን ተራ የያዘ አንድ ደብተር ብቻውን አይበቃም፤ የአንዲት ሴት ሦስት ክፍያዎች በሦስት ገጽ ተበትነው ይቀራሉና። የትዕዛዝ ወረቀቱ ቁጥር ይኑረው፤ ከላይ የዕቃው ዓይነት፣ ልኩ፣ ቀለሙና ዋጋው ይጻፍ፤ ከታች ደግሞ ሂሳቡ በየመስመሩ ይውረድ። የእርስዎ ጉዳይ በወረቀት ቢያዝ ኖሮ እንዲህ ይመስል ነበር፦

| ቀን | ምክንያት | የተጨመረ ዋጋ | የተከፈለ | ቀሪ |
|---|---|---|---|---|
| 3/2 | ቁም ሳጥንና አልጋ | 48,000 | | 48,000 |
| 3/2 | ቀብድ | | 24,000 | 24,000 |
| 14/2 | በባንክ | | 10,000 | 14,000 |
| 17/2 | መስታወት በር፣ 2 መሳቢያ | 5,000 | | 19,000 |
| 25/2 | በእጅ፣ በሠራተኛው በኩል | | 8,000 | 11,000 |

ቀኖቹን እኔ ነኝ የሞላኋቸው። አራተኛውን መስመር ይመልከቱት። ቀሪው ከ14,000 ወደ 19,000 ወጣ። ደንበኛ የማይወደው፣ ባለሙያም ለመናገር የሚያፍርበት መስመር ይህ ነው፤ ስለዚህም በስልክ ይታለፋል። ወረቀቱ ግን ፊርማ የሚያስፈልገው በተለይ እዚህ ላይ ነው። መምጣት ካልቻለች አጭር መልእክት ይላኩላት፦ «መስታወት በርና ሁለት መሳቢያ 5,000፤ አዲሱ ቀሪ 19,000። እሺ ካልሽ እጀምራለሁ።» እሺታዋ በጽሑፍ ሳይመጣ መስታወቱ አይታዘዝም። ጭማሪው የማስረከቢያውን ቀን የሚገፋ ከሆነ አዲሱም ቀን እዚያው መልእክት ላይ ይግባ።

ከወረቀቱ እኩል የሚያስፈልገው ደረሰኙ ነው፤ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚጽፈው። «8,000 ተቀብያለሁ» የሚል ደረሰኝ ስለቀሪው ምንም አይናገርም። «8,000 ተቀብያለሁ፣ ቀሪ 11,000» የሚለው ግን ደንበኛዋን በዚያው ቀን ያነቃት ነበር። «እንዴት 11,000? 6,000 አይደለም እንዴ?» ትል ነበር፣ በሮቹ ገና ሳይገጠሙ፣ መስታወቱም ምናልባት ሳይቆረጥ። ጭቅጭቁ ያኔ ቢነሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የትዕዛዙ ቁጥር፣ የተከፈለው፣ አዲሱ ቀሪና የተቀባዩ ስም ይጻፍ። ጥራዙ ተራ ቁጥር ያለውና ካርቦን የሚገባበት ይሁን፤ የተበላሸ ደረሰኝ ተቀዶ አይጣል፣ «ተሰርዟል» ተብሎ እዚያው ጥራዙ ውስጥ ይቆይ። ቁጥሩ ዘሎ ከተገኘ ጥያቄ ይነሳል፤ ሠራተኛዎንም ከከንቱ ጥርጣሬ የሚያድነው ይኸው ነው። በትዕዛዝ ወረቀቱም ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅ፤ ከሥሩ የሚያርም አዲስ መስመር ይጨመር።

በባንክ የሚመጣው ገንዘብ ሌላ ጣጣ አለው። ከፋዩ ባሏ ወይም ወንድሟ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን እርስዎ አያውቁትም። ደንበኛው ሲያስገባ የትዕዛዙን ቁጥር በምክንያቱ ቦታ እንዲጽፍ ገና ቀብድ ሲሰጥ ይንገሩት። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ገንዘቡ ሂሳብዎ ውስጥ ገብቶ ሲያዩት እንጂ የዝውውሩን ፎቶ በስልክ ሲልኩልዎ አይደለም።

አልጋው ቀድሞ አልቆ ብቻውን የሚወጣ ቢሆን ለሁለቱ ዕቃዎች ሁለት ወረቀት ባስፈለገ ነበር። አለበለዚያ 10,000ው የአልጋው ይሁን የቁም ሳጥኑ ማንም አያውቅም፤ ደንበኛው «አልጋውን ጨርሻለሁ» ብሎ ይወስደዋል፣ ቁም ሳጥኑም በትንሽ ቀብድ እጅዎ ላይ ይቀራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ፣ እውነቱን ለመናገር ከ5,000ው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። «ግማሽ ቀብድ» ለአፍ ይመቻል፤ ከወጪው ጋር ግን ዝምድና የለውም። የዚህች ደንበኛ ዕቃ 31,000 ግዢ ጠየቀ፣ የሰጠችዎ 24,000 ነው። የጎደለውን 7,000 ከየት አመጡት? ከኪስዎ ካልሆነ ከሌላ ደንበኛ ቀብድ ነው። ያ ሌላው ደንበኛ የእንጨት ተራው ሲደርስ የሱ 7,000 የለም፤ ስለዚህ የሦስተኛውን ሰው ቀብድ ይጠብቃሉ። ሥራ ሲበዛ ጉድጓዱ የሚሰፋው ለዚህ ነው፦ እያንዳንዱ አዲስ ትዕዛዝ ጉድለቱን ይዞ ይገባል። ትዕዛዝ የቀዘቀዘ ወር ሲመጣ የሚሞላ አዲስ ቀብድ የለም፤ ጉዱም ያኔ ይወጣል።

ቀብድ መለካት ያለበት ደንበኛው ቢጠፋ መልሰው ሊያገኙት በማይችሉት ወጪ ነው። ለልኩ የተቆረጠ ጣውላ፣ እሱ በመረጠው ቀለም የተቀባ በር፣ ለሱ ብቻ የታዘዘ ጨርቅ ለሌላ አይሸጥም፤ ቢሸጥም በርካሽ ነው። ለእርስዎ ሥራ ይህ ማለት ቀብዱ ቢያንስ የግዢውን ወጪ ይሸፍን ማለት ነው፤ በዚህ ትዕዛዝ 31,000። ከ48,000 ሁለት ሦስተኛ ያህል መሆኑ ነው። ሌላ ዕቃ ላይ ግዢው ከዋጋው ሲሶ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ግማሽ ቀብድ መጠየቅ ደንበኛን ያለምክንያት ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ መቶኛውን ከአፍዎ ያውጡትና ዋጋ ሲያወጡ ግዢውን ለብቻ ያስሉት።

ቀሪውን 17,000 ደግሞ «እንደተመቸዎት» አይበሉት፣ ቀንም አይስጡት፤ ከሥራው ደረጃ ጋር ይሰሩት። ሁለተኛው ክፍያ ሣጥኑ ቆሞ ቀለም ሳይነካው በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ደንበኛዋ መጥታ ታየዋለች፣ ልኩን ታረጋግጣለች፣ የቀለም ሐሳቧን ለመቀየርም ገና ጊዜ አላት። በዚያው 11,000 ብትከፍል ቀሪው 6,000 ይሆናል፤ እሱ ዕቃው ከወርክሾፑ ሲወጣ ይከፈላል። የመጨረሻው ክፍያ ትንሽ ይሁን እንጂ ዜሮ አይሁን። ሁሉን ቀድሞ የከፈለ ደንበኛ በሩ ቢንቀጠቀጥ የሚይዘው ነገር የለም፤ ባለሙያም ሁሉን ከተቀበለ በኋላ ያንን ሥራ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል።

31,000 በአንዴ የሌለው ደንበኛ ቢመጣስ? አይመልሱት፤ ግን ሥራውን አይጀምሩለት። በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ «በማጠራቀም ላይ» ብለው ይጻፉና ያለውን እያመጣ ያስቀምጥ፤ 31,000 የደረሰ ቀን እንጨቱ ይገዛል፣ የማስረከቢያው ቀንም ከዚያ ይቆጠራል። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና አብሮ ይጻፍ። ሰው በስድስት ወር አጠራቅሞ ሲመጣ እንጨቱ ተወዶ ከጠበቀ ኪሳራው የእርስዎ ይሆናል። ወይም አልጋው ቀድሞ ይሠራለት፣ ቁም ሳጥኑ ይቆይ።

ያለፈው ጉድለት ስንት እንደሆነ ለማወቅ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ስሌት ይሥሩ። ያልተረከቡ ትዕዛዞችን ወረቀት ሁሉ አውጥተው በነሱ ላይ የተቀበሉትን ገንዘብ ይደምሩ። እንበል የዚህችን ሴት 42,000፣ የሌላ ሰው 15,000፣ የሦስተኛ 9,000 አለ፤ ድምሩ 66,000 ነው። ከዚህ ላይ ለነዚሁ ትዕዛዞች የወጣውን ይቀንሱ። የሴትዮዋ ግዢ ከነጭማሪው 34,000፣ የሁለተኛው 6,000፣ ሦስተኛው ገና አልተነካም፤ ለሠራተኞች በነዚህ ሥራዎች ላይ የተከፈለ 8,000። 66,000 ሲቀነስ 48,000፣ በእጅና በባንክ 18,000 መገኘት አለበት። የተገኘው 4,000 ከሆነ 14,000 የሰው ገንዘብ በኪራይ፣ በአሮጌ ትዕዛዝ ወይም በቤት ወጪ ሄዷል ማለት ነው። ቀብድ ዕቃው እስኪረከብ ድረስ ዕዳ ነው፤ ሠርተው ካላስረከቡ የሚመልሱት ገንዘብ ነውና። ትርፍዎ የሚታወቀው ዕቃው በወጣበት ቀን፣ ከዋጋው ላይ ወጪው ተቀንሶ ነው፤ ለቤትዎ የሚወስዱትም ከዚያ ይሁን።

14,000ው በአንድ ቀን አይሞላም። የሚያወጣዎ የሥራ ቅደም ተከተል ነው፦ ለማለቅ የቀረበውን ትዕዛዝ ያስቀድሙ፤ ትንሽ ወጪ ጨምረው ትልቅ ቀሪ የሚሰበስቡት ከሱ ነው። ከዚያ የሚገኘውን ትርፍ ለቀጣዩ ተራ ጠባቂ እንጨት ያውሉት። አዲሱን የቀብድ ስሌት በአዲስ ትዕዛዝ ላይ ብቻ ይጀምሩ፤ በነባሮቹ ላይ ተጨማሪ ቀብድ መጠየቅ ቃል ማፍረስ ነው፣ ወሬውም ይዛመታል። የሳምንቱ ጉድለት 14,000፣ 11,000፣ 9,000 እያለ ከወረደ መንገዱ ይዟል። ካልወረደ ደግሞ ዋጋዎ ራሱ ወጪዎን አይሸፍንም፤ ያን ጊዜ ቀብድ ቢያስተካክሉ ለውጥ አያመጣም።

ይህን ዓምድ የሚያነቡ ልብስ ሰፊዎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ጨርቁን ደንበኛው ራሱ ካመጣ ቀብዱ ገበሩን፣ ክሩን፣ ዚፑንና የመቁረጡን ሥራ ብቻ ቢሸፍን ይበቃል። ግን የተረከባችሁት ሜትርም ዕዳ ነው፤ እንደ ገንዘቡ እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ተቆርጦ የተረፈውም ይመለስ። ሁለተኛው ክፍያ ለልክ ሲመጣ ይሁን፤ ያኔ ልብሱ በገላው ላይ ነው፣ ማስጠበቡም ማስፋቱም ይቻላል።

ትዕዛዝ ቢሰረዝ ከቀብዱ ምን እንደሚመለስ ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፦ ግዢ ሳይፈጸም ከሆነ ሙሉውን፣ እንጨቱ ተገዝቶ ካልተቆረጠ የመመለሻውን ኪሳራ ብቻ ቀንሶ፣ ከተቆረጠ የወጣውን ወጪ ቀንሶ። እርስዎ ቢዘገዩስ ምን ይሆናል የሚለውም አብሮ ይግባ፤ የአንድ ወገን ደንብ ብቻ የያዘ ወረቀት ደንበኛ በደስታ አይፈርምም።

ዕቃው ከወጣ በኋላ በየወሩ ልክፈል የሚልዎ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ከቀብድ ወጥቶ ብድር ሆኗል። የተተኛበት አልጋ ተመልሶ ቢመጣ እንደ አዲስ አይሸጥም፤ ስለዚህ መያዣ የለዎትም። የሚያውቁት ሰው ከሆነና ወጪዎን አስቀድመው ካገኙ፣ ከትርፍዎ የተወሰነውን ብቻ በዱቤ ይተዉለት፤ ቀኖቹና መጠኑ ይጻፉ፣ ዋስ ይፈርም። የዚህ ዓይነቱን ወረቀት ካልተረከቡት ትዕዛዞች ለይተው ያስቀምጡት፤ በሳምንቱ ስሌት ውስጥ ከገባ ቁጥሩን ያምታታዋል።